ገንዘብ፣ ማሽንና ጉልበት፦ የሽርክና መነሻ ወጪ አከፋፈል

በሽርክና ሥራ ሲጀመር አንዱ ብር፣ ሌላው ማሽን፣ ሦስተኛው ጉልበትና ሙያ ይዞ ይመጣል። ብሩ በደረሰኝ ይታወቃል፤ የማሽኑና የድካሙ ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ ሳይተመን ይታለፋል። ወጪውን ለሦስት እኩል እናካፍለው ማለት ለጆሮ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ሲሰላ ግን ውጤቱ ሌላ ነው።

ሦስት ሰዎች የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ወርክሾፕ ከፈቱ እንበል። የመጀመሪያው 300,000 ብር ያወጣል። ሁለተኛው የብየዳ ማሽን፣ ግራይንደር፣ ድሪልና ኮምፕሬሰር ያመጣል። ሦስተኛው ባለሙያው ነው፤ በየቀኑ የሚሠራውም እሱ ነው። በስድስት ወር ውስጥ ለኪራይ፣ ለመብራት ዝርጋታ፣ ለፈቃድ፣ ለብረት መግዣና ለባለሙያው ኪስ 290,000 ብር ይወጣል። ይህ ለሦስት ቢካፈል እያንዳንዱ ወደ 97,000 ብር ይደርሰዋል። ባለማሽኑ ዕቃውን አምጥቶ፣ ባለሙያውም ግማሽ ዓመት ደክሞ፣ ሁለቱም ባለብሩን ባለዕዳ ሆነው ይገኛሉ።

ስለዚህ የሚካፈለው ወጪው ሳይሆን መዋጮው ነው። የሦስቱም መዋጮ በአንድ መለኪያ፣ በብር ይተመናል። ጥሬ ገንዘቡ ያው ነው። ማሽኑ የሚተመነው በተገዛበት ወይም በአዲሱ ዋጋ ሳይሆን፣ ዛሬ በዚያው ሁኔታው ገበያ ላይ ሊያወጣ በሚችለው ዋጋ ነው፤ ከሁለት ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጡ ነጋዴዎች መጠየቁ ክርክሩን ያሳጥረዋል። ለዚህ ወርክሾፕ 150,000 ብር ሆነ እንበል። ጉልበት ላይ ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ የሚቆጠረው ሙሉ ደመወዙ ሳይሆን ያልተከፈለው ክፍል ብቻ ነው። ባለሙያው ሌላ ቦታ ቢቀጠር በወር 20,000 ብር የሚያገኝ ከሆነና ከወርክሾፑ 5,000 ብር እየወሰደ ከሠራ፣ በየወሩ 15,000 ብር አዋጥቷል፤ በስድስት ወር 90,000 ብር። ድምሩ 540,000 ብር ይሆናል፤ የባለብሩ ድርሻ 55.6 በመቶ፣ የባለማሽኑ 27.8 በመቶ፣ የባለሙያው 16.7 በመቶ ገደማ ነው። የጉልበቱ መዝገብ ወር በገባ ቁጥር በሦስቱም ፊርማ መዘጋት አለበት። በዓመቱ መጨረሻ ከትዝታ የሚጻፍ የሥራ ቀን ማንንም አያሳምንም።

ከሁሉ በላይ አስቸጋሪው ነገር የማሽኑ ባለቤትነት ነው። ዕቃው ለሽርክናው ተሰጠ ወይስ ተከራየ? ባለማሽኑ ሳያስበው ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ድርሻው በሙሉ ዋጋው እንዲሰላለት፣ ሥራው ሲፈርስ ደግሞ ማሽኑን ይዞ ለመውጣት።

ወርክሾፑ በስድስተኛው ወር ተዘጋ እንበል። በእጅ የቀረው 10,000 ብር ነው፤ የተረፈው ብረት 62,000፣ ማሽኖቹ 108,000 ብር ይሸጣሉ። ማሽኑ የሽርክናው ከነበረ 180,000 ብሩ በድርሻ ይከፋፈላል፤ ባለብሩ 100,000፣ ባለማሽኑ 50,000፣ ባለሙያው 30,000 ብር ያገኛሉ። እያንዳንዱ ካዋጣው ሲሶው ይመለስለታል፤ ጉዳቱን በልክ ተካፍለዋል ማለት ነው። ማሽኑ በወር 4,000 ብር ተከራይቶ፣ ኪራዩ ሳይከፈል እንደ መዋጮ ተይዞ ከሆነ ግን የባለማሽኑ መዋጮ 24,000 ብር ብቻ ነው። ማሽኑን ይዞ ይሄዳል፣ ከቀረው 72,000 ብር የሚደርሰው ወደ 4,200 ብር ነው። ባለብሩ የሚያገኘው ወደ 52,000 ይወርዳል። ሥራው ቢያድግ ደግሞ የባለማሽኑ ድርሻ 27.8 ሳይሆን 5.8 በመቶ ነበር። ሁለቱም መንገድ ትክክል ነው፤ ስህተቱ በትርፍ ጊዜ አንዱን፣ በኪሳራ ጊዜ ሌላውን መያዝ ነው።

ኪሳራን በውል ሳይጽፉ መተው የሚያስከትለውን አንድ የአሜሪካ ክስ ያሳያል። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ኩሽና ለማደስ ሁለት ሰዎች ተሻረኩ፤ አንዱ 10,000 ዶላር አወጣ፣ ሌላው ሥራውን መራ። ትርፍን እኩል ለመካፈል ቢስማሙም ስለ ኪሳራ አልተነጋገሩም። 8,680 ዶላር ሲከስሩ ባለገንዘቡ ግማሹን፣ 4,340 ዶላር፣ ከባልደረባው ጠየቀ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1957 እ.ኤ.አ. ሁለቱም ያዋጡትን አጥተዋል፣ አንዱ ገንዘቡን፣ ሌላው ድካሙን፤ ስለዚህ ባለሙያው የሚከፍለው የለም ሲል ፈረደ። በኋላ የተሻሻለው የአሜሪካ የሽርክና ሞዴል ሕግ ማብራሪያ ግን ይህን አቋም አልተቀበለውም። በዚያ ሕግ ውል ከሌለ ትርፍ እኩል ይካፈላል፣ ኪሳራም የትርፉን መጠን ይከተላል፤ ለሽርክናው ለሠራው ሥራም ሸሪኩ በመርህ ደረጃ ደመወዝ አይጠይቅም። በአሜሪካ ምግብ ቤት ወይም ጋራዥ በሽርክና የሚከፍቱ ኢትዮጵያውያንም ያለ ውል ከጀመሩ የሚጠብቃቸው ይኸው ነው።

በውሉ ላይ ቢያንስ የእያንዳንዱ መዋጮ በብር፣ የማሽኑ ባለቤትነት፣ የጉልበቱ ወርኃዊ ዋጋና የኪሳራ ክፍፍል መስፈር አለባቸው። መዋጮ መቆጠር የሚያቆምበት ቀንም ይጨመራል፤ ለምሳሌ ወርክሾፑ ለባለሙያው ሙሉ ደመወዝ መክፈል የጀመረበት ወር። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ካስፈለገ፣ አዲስ የሚገባው ብር ብድር ነው ወይስ ተጨማሪ ድርሻ የሚለው ገንዘቡ ከመግባቱ በፊት ይወሰናል።