ዝናቡን የማያየው የዝናብ ሴንሰር

የፊት መስታወቱ ላይ ጥቂት ጠብታ እንዳረፈ ዋይፐሩ ማንም ሳይነካው ተነስቶ ሲጠርግ፣ ብዙ ሰው ውጭ በኩል ውሃ የሚሰማው ነገር የተገጠመ ይመስለዋል። ውጭ ምንም የለም። ሴንሰሩ ያለው መኪናው ውስጥ፣ ከመሃለኛው ስፖኪዮ ጀርባ፣ መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ነው። ውሃ አይነካውም፤ ዝናቡንም አያይም። የሚያውቀው ነገር የላከው ብርሃን ምን ያህሉ ተመልሶ እንደመጣ ብቻ ነው።

ሴንሰሩ ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ወደ መስታወቱ ይልካል። የሚልከው ቀጥ አድርጎ ሳይሆን 45 ዲግሪ ገደማ አጋድሎ ነው፤ ምስጢሩም እዚህ ላይ ነው። በመስታወት ውስጥ የሚጓዝ ብርሃን የውጭውን ገጽ ከ41 ዲግሪ በላይ ተጋድሞ ከመታው ወደ አየር መውጣት አይችልም፤ ሙሉ በሙሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ስለዚህ መስታወቱ ደረቅ ከሆነ የተላከው ብርሃን ተቀባዩ ዘንድ ይደርሳል። ውሃ ግን በባሕርይው ከአየር ይልቅ ለመስታወት ይቀርባል። ጠብታ ባረፈበት ቦታ ያ ወሰን ወደ 61 ዲግሪ ከፍ ስለሚል፣ በ45 ዲግሪ የመጣው ብርሃን በጠብታው በኩል ሾልኮ ይወጣል። ተመላሹ ብርሃን ይቀንሳል፤ ሴንሰሩም የጎደለውን መጠን እንደ ውሃ ይቆጥረዋል። የፀሐይ ብርሃን እንዳያሳስተው የራሱን ብርሃን ብልጭ ድርግም እያደረገ ይልካል፤ በዚያ ምት ያልመጣውን ይተወዋል።

ዋይፐሩ ጠርጎ ካለፈ በኋላ ብርሃኑ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ከዚያ እንደገና መጉደል ይጀምራል። ፈጥኖ ከጎደለ ዝናቡ ከባድ ነው ማለት ስለሆነ ዋይፐሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ቀስ እያለ ከጎደለ ይቆያል። ከመሪው ሥር ባለው ማንሻ ላይ ያለው ቀለበት ሥራው የሚገባንም እዚህ ላይ ነው። ሴንሰር በሌለው መኪና ያ ቀለበት በሁለት ጠረጋ መካከል ያለውን ጊዜ ያረዝማል ወይም ያሳጥራል። ማንሻው «አውቶ» ላይ ሲሆን ግን የሚለውጠው ሰዓቱን ሳይሆን ትዕግሥቱን ነው፦ ምን ያህል ብርሃን ሲጎድል ይጥረግ? ከፍ ካደረጉት በጥቂት ጠብታ ይነሳል፤ ዝቅ ካደረጉት ብዙ እስኪጠራቀም ይጠብቃል። በብዙ መኪኖች ቀለበቱን ከፍ ሲያደርጉ ዋይፐሩ አንዴ ጠርጎ ትእዛዙን መቀበሉን ያሳያል።

ሴንሰሩ የሚመለከተው ከመስታወቱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በካፊያ ጊዜ ሾፌሩ ፊት ጠብታ ሞልቶ ሴንሰሩ ፊት ላይኖር ይችላል። ማታም የፊት ለፊት መኪና መብራት እያንዳንዱን ጠብታ ስለሚያበራው፣ ቀን ያላስቸገረ ውሃ እይታ ይከለክላል። በእነዚህ ጊዜያት ከፍ ማድረግ ይገባል፤ ሾፌሩ የሚያየውን ሴንሰሩ አያይለትምና።

ብዙ ጊዜ ቅሬታ የሚነሳው ግን የፊት መስታወት ከተቀየረ በኋላ ነው። ጠጠር የሰነጠቀው መስታወት ጋራዥ ገብቶ ይቀየራል፤ ከዚያ ዋይፐሩ በጠራራ ፀሐይ ደረቅ መስታወት ይጠርጋል፣ ወይም ዝናብ ሲመጣ ዝም ይላል። ሴንሰሩ ተበላሽቷል ተብሎ አዲስ ከመግዛት በፊት ከመኪናው ውጭ ቆሞ የሴንሰሩን ቦታ በመስታወቱ በኩል ማየት ይበቃል። በሴንሰሩና በመስታወቱ መካከል ብርሃኑን የሚያሻግር ለስላሳ፣ ግልጽ የጄል ንጣፍ አለ። በደንብ የተጣበቀ ጄል ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሆኖ ይታያል። ብርማ ነጠብጣብ ከታየ አየር ገብቶበታል፤ ብርሃኑ እዚያ ላይ መሻገር ስላቃተው መንገዱ ይዛባል። የዚህ ምክንያት በአብዛኛው አሮጌውን ጄል ልጦ መልሶ መለጠፍ ነው። መፍትሔው መስታወቱን በአልኮል አጽድቶ አዲስ ጄል አየር ሳያስገቡ መለጠፍ ነው። አንዳንድ መኪና ከዚያ በኋላ ደረቁን መስታወት እንደ አዲስ እንዲለካ በኮምፒውተር መታዘዝ ይፈልጋል።

ጄሉ ደህና ሆኖ ዋይፐሩ ዝናብ ካቆመ በኋላም የሚመላለስ ከሆነ ጎማውን ይዩ። ያረጀ ጎማ ውሃውን ጠርጎ አይወስደውም፤ ስስ አድርጎ ይቀባዋል። ሴንሰሩም የቀረውን ውሃ እንደ አዲስ ዝናብ ይቆጥራል። ይህን ለማስቆም ቀለበቱን ዝቅ የሚያደርግ ሾፌር እውነተኛው ዝናብ ሲመጣ ዋይፐሩ ዘግይቶ ይነሳበታል።

ላቫጆ ሲገቡ ማንሻውን ከ«አውቶ» ያውጡት። ቁልፉ ከተከፈተ፣ አጣቢው ስፖንጁን ሴንሰሩ ላይ ሲያሳርፍ ክንዱ ድንገት ተነስቶ እጁን ይመታዋል። አቧራው ገና ሳይለቀቅ ከተነሳም አሸዋውን መስታወቱ ላይ ይፈገፍገዋል፤ ያ ጭረት ደግሞ አይጠፋም።