የአፈር ምርመራ ውጤት በእንግሊዝኛ፣ ማጠቃለያው በአማርኛ ሲጠየቅ

የአፈር ናሙናቸውን ወደ ላቦራቶሪ የላኩ አርሶ አደሮችና ማኅበራት ውጤቱን የሚቀበሉት አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ በተጻፈ ሰነድ ነው። ሙሉውን ወደ አማርኛ ማስተርጎም ጊዜም ገንዘብም ይጠይቃል። ሠንጠረዡና የአመራመር ዘዴው ለባለሙያ የተጻፉ ስለሆኑ ቢተረጎሙም ለአርሶ አደሩ ብዙ አይጠቅሙም። ስለዚህ ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ እንዳለ ሆኖ ማጠቃለያው ብቻ በአማርኛ እንዲዘጋጅ መጠየቅ ተገቢ ነው። ችግሩ የሚፈጠረው ማጠቃለያው ከምን እንደሚዘጋጅ ሳይነገር ሲቀር ነው።

በእንግሊዝኛው ሰነድ መጀመሪያ ላይ ያለው አጭር ማጠቃለያ የተጻፈው ሠንጠረዡን ገልጦ ማየት ለሚችል ሰው ነው። እሱ ብቻ ቃል በቃል ሲተረጎም፣ አርሶ አደሩ ገልጦ ሊያነበው የማይችለው ዝርዝር ከእጁ ይወጣል። ከዚህም የተነሣ የአማርኛው ማጠቃለያ ከእንግሊዝኛው ማጠቃለያ ረዘም ማለት ይኖርበታል።

አሲዳማ አፈር ያላቸውን ሦስት ማሳዎች ለአብነት እንውሰድ። በሠንጠረዡ መሠረት ለመጀመሪያው ማሳ በሄክታር 1800 ኪሎ ግራም፣ ለሁለተኛው 900 ኪሎ ግራም ኖራ ያስፈልጋል፤ ሦስተኛው ኖራ አያስፈልገውም። የእንግሊዝኛው ማጠቃለያ ግን «በአማካይ በሄክታር 900 ኪሎ ግራም» ይላል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ምክሩ ግን ለሁለተኛው ማሳ ብቻ ይሠራል። የመጀመሪያው የሚያስፈልገውን ግማሽ ያገኛል። ሦስተኛው ደግሞ ያላስፈለገው ኖራ ይጨመርበታል፤ ኖራ ሲበዛ እንደ ዚንክ ያሉ ንጥረ ነገሮች ለሰብሉ በቀላሉ እንዳይገኙ ያደርጋል። በመሆኑም ማጠቃለያው በአማካይ ሳይሆን በየማሳው፣ ከናሙናው መለያ ቁጥር ጋር እንዲጻፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የሚጠፋው ነገር ቅድመ ሁኔታ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ «መጠኑ የተሰላው ለንጹሕ ኖራ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ይገኛል። ገበሬው እጅ የሚደርሰው ኖራ ጥራቱ 80 በመቶ ከሆነ፣ ለመጀመሪያው ማሳ በሄክታር 18 ኩንታል ሳይሆን 22 ኩንታል ተኩል ያስፈልጋል። በአንድ ጥማድ፣ ማለትም በሩብ ሄክታር፣ ልዩነቱ ከአንድ ኩንታል በላይ ነው። ማጠቃለያው ይህችን ዓረፍተ ነገር ከተወ አርሶ አደሩ ኖራውን ገዝቶ፣ አጓጉዞ፣ በትኖ ሲያበቃ መጠኑ ያንሰዋል። ሰብሉ እንደተጠበቀው ሳይሆን ሲቀርም ጥፋቱ የኖራው ይመስለዋል።

የቀን አጻጻፍም ጥንቃቄ ይሻል። ኖራ ከዘር አንድ ወር ገደማ አስቀድሞ ከአፈር ጋር መቀላቀል አለበት። በእንግሊዝኛው ወሩ በቁጥር 5 ተብሎ ከተጻፈ ግንቦት አካባቢ ማለት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ግን አምስተኛው ወር ጥር ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ግንቦት ወር 2026 በ10ኛው ቀን የተባለው በእኛ ግንቦት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ወሩ በስም፣ ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ።

እነዚህን ሁሉ ያሟላ ማጠቃለያ ረጅም አይሆንም። ለአንድ ማሳ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ናሙና 1፣ የላይኛው ማሳ፦ በሄክታር 18 ኩንታል ንጹሕ ኖራ፤ ኖራው 80 በመቶ ከሆነ 22 ኩንታል ተኩል፤ ከዘር አንድ ወር በፊት ከአፈሩ ጋር ይቀላቀል፤ ዝርዝሩ በገጽ 4 ሠንጠረዥ 2 ይገኛል።» የመጨረሻዋ ሐረግ ተራ ብትመስልም ባለሙያው የመጣውን ቃል ከዋናው ጋር እንዲያስተያይ መንገድ የምትከፍተው እሷ ናት። የገጽ ቁጥር የሌለው ማጠቃለያ መልሶ የሚመረመርበት መንገድ የለውም።

ማጠቃለያውን ለማመሳከር እንግሊዝኛ ማወቅ የግድ አይደለም፤ ቁጥሮቹ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ናቸው። አርሶ አደሩ ወይም ቁጥር የሚለይ የቤተሰብ አባል በማጠቃለያው ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር በተጠቀሰው ገጽ ይፈልግ። 18 ኩንታል በሠንጠረዡ 1800 ኪሎ ግራም ሆኖ ይገኛል። በዝርዝሩ የማይገኝ ቁጥር ካለ ወይ አማካይ ነው፣ ወይ የተለወጠ መለኪያ ነው፣ ወይ ስሕተት ነው፤ የትኛው እንደሆነ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ እንዲያስረዳ መጠየቅ ይገባል። የተዘለለ ዓረፍተ ነገርን ግን ቁጥር አያሳይም፤ ስለዚህ ባለሙያው «በዝርዝሩ ውስጥ ቅድመ ሁኔታ አለ ወይ?» ተብሎ ለብቻው መጠየቅ አለበት።

ይህ አሠራር ለምክር እንጂ ለፊርማ አይበቃም። ብድር፣ የምርት ውል ወይም የመሬት ኪራይ ሲሆን ግዴታው ያለው በዝርዝሩ አንቀጾች ውስጥ ስለሆነ ሙሉው ሰነድ ተተርጉሞ መነበብ አለበት። የአፈር ምርመራው ማጠቃለያ ደግሞ ከእንግሊዝኛው ሰነድ ጋር አብሮ ተያይዞ ይቀመጥ፤ በሚቀጥለው ምርመራ ላቦራቶሪው ለማነጻጸር የሚፈልገው የቀድሞውን ሠንጠረዥ ነው።