መልሱን እያወቁ መሳሳት
‹‹ያልሆነው የትኛው ነው?›› የሚለው ጥያቄ ቸኳይ አንባቢን እንዴት ይጥለዋል?

አንድ ወገናችን በቅርቡ ለጀርመን የዜግነት ፈተና ሲለማመዱ አጠገባቸው ተቀምጠን ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ ወደ አማርኛ ሲመለስ ‹‹ሔሰን የትኛው ሚኒስትር የላትም?›› የሚል ነው። ምርጫዎቹ የፍትሕ፣ የውጭ ጉዳይ፣ የገንዘብና የአገር ውስጥ ሚኒስትር ናቸው። ወገናችን ሳያመነቱ የፍትሕ ሚኒስትር በሚለው ላይ ምልክት አደረጉ። ‹‹የውጭ ጉዳይ የማን ሥራ ነው?›› ብለን ብንጠይቃቸው ግን ‹‹የበርሊን ነዋ! ክፍለ ግዛት ምን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አለው?›› ሲሉ መለሱልን። መልሱን አሳምረው ያውቁታል። የሳቱት ጥያቄውን ነው።

ይህ ፈተና ከመስከረም 2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመላው ጀርመን የሚሰጥ ነው። 33 ጥያቄዎች አሉት፤ 30ው ስለ አገሪቱ በጠቅላላ ሲሆኑ 3ቱ ተፈታኙ የሚኖርበትን ክፍለ ግዛት ይመለከታሉ። ለእኛ ለፍራንክፈርት ነዋሪዎች እነዚህ 3ቱ ስለ ሔሰን ናቸው። እያንዳንዱ ጥያቄ አራት ምርጫ ሲኖረው ትክክሉ አንድ ብቻ ነው። ለዜግነት 17 መመለስ ይበቃል። ጥያቄዎቹ የሚወጡባቸው 310 ጥያቄዎች አስቀድመው ለሕዝብ የተገለጡ በመሆናቸው ብዙዎቻችን እንደ ዳዊት ደግመን እንሸመድዳቸዋለን። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል።

የሸመደደ ሰው ጥያቄውን በሙሉ አያነብም። አንዲት የሚያውቃት ቃል ሲያይ ከእርሷ ጋር አያይዞ ያጠናትን መልስ ይፈልጋል። ይሁንና ያው መልስ በአንዱ ጥያቄ ትክክል፣ በሌላው ደግሞ ስሕተት ይሆናል። ለምሳሌ ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን እንውሰድ። በሕገ መንግሥቱ ዋስትና ያገኘው መብት የትኛው እንደሆነ ሲጠየቅ ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት መልስ ነው። ‹‹የዴሞክራሲያችን መለያ ያልሆነው የትኛው ነው?›› ሲባል ደግሞ ይኸው ነጻነት ከመደበኛ ምርጫና ከልዩ ልዩ ፓርቲዎች መኖር ጋር ከምርጫዎቹ መካከል ተደርድሮ ይገኛል። እዚህ ግን የሚፈለገው መልስ የፕሬስ ሳንሱር ነው። ‹‹ዴሞክራሲ›› የምትለውን ብቻ አይቶ የሮጠ ሰው ከሦስቱ እውነቶች በአንዱ ላይ ይወድቃል።

እዚህ ላይ የአሠራሩን ምሥጢር ልብ እንበል። በተራ ጥያቄ ሦስቱ ምርጫዎች ሐሰት፣ አንዱ እውነት ነው። ‹‹ያልሆነው›› ወይም ‹‹በስተቀር›› የሚል ጥያቄ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጥና ሦስቱ እውነት፣ አንዱ ሐሰት ይሆናል። የቸኮለ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ያገኘውን እውነት ይዞ ስለሚቆም፣ ሦስት ወጥመድ በተዘረጋበት መንገድ ላይ ይሄዳል ማለት ነው።

የጀርመንኛው አጻጻፍም ያግዘዋል። ማፍረሻዋ ቃል ሁልጊዜ በአንድ ቦታ አትቀመጥም። በሔሰኑ ጥያቄ ‹‹ኒሽት›› የመጨረሻዋ ቃል ናት፤ አንባቢው ‹‹ሔሰን›› የሚለው ላይ ሲደርስ ጥያቄው ያለቀ መስሎት ዓይኑን ወደ ምርጫዎቹ ያወርዳል። በዴሞክራሲው ጥያቄ ደግሞ ቃሏ ‹‹ካይን›› ናት። ‹‹ካይን››ን ከ‹‹አይን›› የምትለያት ከፊት የቆመችው አንዲት ፊደል ብቻ ስትሆን፣ ትርጉማቸው ግን ‹‹ያልሆነ›› እና ‹‹አንድ›› ነው። በአማርኛ ማፍረሻው ከግሡ ጋር ተጣብቆ ‹‹የላትም››፣ ‹‹አይደለም›› እያለ ስለሚመጣ ግሡን ሰምቶ ማፍረሻውን ማለፍ ያስቸግራል። በጀርመንኛ ግን ለብቻዋ የቆመች ትንሽ ቃል ናትና ዓይን ይዘላታል።

ማፍረሻ ያለ ‹‹ኒሽት›› እና ያለ ‹‹ካይን›› የሚመጣበት ጊዜም አለ። ‹‹የጀርመን ሕገ መንግሥት የሚከለክለው ምንድን ነው?›› የሚለው ጥያቄ ምንም ማፍረሻ ቃል የለውም፤ ‹‹ይከለክላል›› የሚለው ግሥ ራሱ ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። መልሱ የግዳጅ ሥራ ነው። ሥራን በነጻነት መምረጥ መብት መሆኑን አጥንቶ የመጣ ሰው እዚያ ላይ ምልክት አድርጎ ሊያልፍ ይችላል። ‹‹ለውጭ አገር ሰዎች ብቻ የሚሠራው መሠረታዊ መብት የትኛው ነው?›› የሚለውም እንዲሁ ነው። ‹‹ብቻ›› የምትለዋን የዘለለ ሰው የሰብአዊ ክብርን ይመርጣል፤ እርሱ ግን የሁሉም ሰው መብት ነው፤ መልሱ የጥገኝነት መብት ነው።

የሥነ ልቡና ተመራማሪዎቹ ኸርበርት ክላርክና ዊሊያም ቼዝ በ1972 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ሰዎች አንድን ዓረፍተ ነገር ከሥዕል ጋር እንዲያመሳክሩ አድርገው ነበር። ‹‹ኮከቡ ከመደመር ምልክቱ በላይ ነው›› ከሚለው ይልቅ ‹‹በላይ አይደለም›› የሚለውን ለማመሳከር የበለጠ ጊዜ ወስዶባቸዋል። ስለዚህ አሉታዊ ጥያቄ በገዛ ቋንቋ እንኳ ሲቀርብ ዘገም ማለትን ይፈልጋል፤ በሰው ቋንቋ ሲሆንማ የባሰ ነው።

ደግነቱ ፈተናው ጊዜ አያጣብብም። 60 ደቂቃ ለ33 ጥያቄ ሲከፋፈል ለአንዱ ከ100 ሰከንድ በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ምርጫዎቹን በእጅ ሸፍኖ ጥያቄውን እስከ ጥያቄ ምልክቱ ድረስ ማንበብ፣ ከዚያም በልብ ወደ አማርኛ መልሶ ‹‹የላትም›› ነው ወይስ ‹‹ያላት›› ብሎ መለየት ይቻላል። ቀጥሎ በአገር ቤት ትምህርት ቤት እንደለመድነው እያንዳንዱን ምርጫ ‹‹እውነት›› ወይም ‹‹ሐሰት›› ማለት ነው። በሔሰኑ ጥያቄ ብንሞክረው የፍትሕ ሚኒስትር አላት፣ እውነት፤ የገንዘብ አላት፣ እውነት፤ የአገር ውስጥ አላት፣ እውነት፤ የውጭ ጉዳይ የላትም፣ ሐሰት። ብቸኛው ሐሰት መልሱ ሆነ። በማናቸውም ጥያቄ ላይ ሁለት ምርጫ ትክክል ሆኖ ከታየዎት ደግሞ ወደ ጥያቄው ይመለሱ፤ አንዲት ቃል ዘልለው ሊሆን ይችላል። እርግጥ ይህ ዘዴ የማያውቁትን አያሳውቅም፤ የሚያውቁትን እንዳያጡ ብቻ ይጠብቃል።

ከፈተናው ክፍል ውጭም ይኸው ነገር ይከተለናል። በአማርኛ ‹‹ሥራ የለህም?›› ተብሎ የተጠየቀ ሥራ ፈት ‹‹አዎ፣ የለኝም›› ይላል፤ ‹‹አዎ›› ያለው በጠያቂው አነጋገር መስማማቱን ሲገልጽ ነው። ያንኑ ልማድ ይዞ ለጀርመናዊ ሠራተኛ ‹‹ያ›› ብቻ ቢል ግን ምን ለማለት እንደፈለገ አይለይም። ጀርመናዊ ሥራ ከሌለው ‹‹ናይን›› ይላል፤ ካለው ‹‹ዶህ›› ይላል። ስለዚህ በቃል ስንጠየቅ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር እንናገር፦ ‹‹ናይን፣ ሥራ የለኝም››፤ ‹‹ዶህ፣ ሥራ አለኝ››። በጽሑፍ ቅጽ ላይ ግን ማብራሪያ የሚጨመርበት ቦታ ላይኖር ይችላል፤ ያለው ‹‹ያ›› እና ‹‹ናይን›› የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ብቻ ሊሆን ይችላል። በዜግነት ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ ቢሳት ገና 15 የመሳት ዕድል ይቀራል፤ ከሥሩ ፊርማ በሚቀመጥበት ቅጽ ላይ ግን አንዲት የተሳሳተች ሳጥን ሌላ ጣጣ ታመጣለች። ‹‹ኒሽት›› ወይም ‹‹ካይን›› ያለበትን መስመር ከመፈረማችን በፊት በጣታችን እየተከተልን ሁለት ጊዜ እናንብበው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ!