ሲነኩት የሚበረግግ ሰው

መካነ ሰላም አካባቢ የሚኖሩ ባልና ሚስት እናስብ። እሱ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰበት በ2014 ዓ.ም ዘምቶ የተመለሰ ነው። ከኋላው መጥታ ትከሻውን ስትነካው በርግጎ ይነሳል። ሠርግ ቤት ጥይት ሲተኮስ ፊቱ ይለዋወጣል፤ ቃል ሲካረር ወይ ይጮኻል ወይ ጥሎ ይወጣል። ሚስቱ "ጠልቶኛል" ትላለች። እናቱ ደግሞ "ኧረ ልጄ፣ ሲፈጥረውም ድንጉጥ ነው" ይሏታል።

መበርገግ ሐሳብን አይጠብቅም። ድንገተኛ ድምፅ ጆሮ ከገባ በኋላ የዓይን ሽፋን ጡንቻ የሚኮማተረው ሰከንድ ለ20 ቢከፈል በአንዱ ውስጥ ነው። "የነካችኝ ሚስቴ ናት" የሚለው ሐሳብ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ድንጋጤው የጥላቻ ምልክት አይደለም።

የእናትየው ግምትስ? ሐኪሙ አሪዬ ሻሌቭና ባልደረቦቹ ኢየሩሳሌም ውስጥ አደጋ ደርሶባቸው ሆስፒታል የመጡ ሰዎችን ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2000 አሳተሙ። ኃይለኛ ድምፅ እያሰሙ የልብ ምታቸውንና የዓይን ጡንቻቸውን መኮማተር ለኩ። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ኋላ በጭንቀት የሚታመሙት ከሚያገግሙት አልተለዩም። ልዩነቱ የታየው በወሩ ነው፤ በአራተኛው ወርም አልጠፋም። ድንጉጥነቱ ከአደጋው በኋላ ቀስ በቀስ የበቀለ ነበር።

አንድ ጥርጣሬ ግን ቀረ፦ ምናልባት ዝንባሌው በደም የሚወረስ ቢሆንስ? ስኮት ኦርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት ለዚህ ተመሳሳይ መንታዎችን መረጡ፤ አንዱ ቬትናም የተዋጋ፣ ሌላው ጦር ሜዳ ያልረገጠ። ኃይለኛ ድምፅ ሲሰማ በጦርነት ጭንቀት የታመመው ዘማች ልብ ከሌሎቹ ይበልጥ ፈጥኖ መታ፤ በአንድ ማሕፀን ያደረው የወንድሙ ልብ ግን እንደ ማንም ሰው ሆነ። ድንጋጤውን ያመጣው ጦርነቱ ነው።

እንግዲህ ቤት ውስጥ የሚደረገው ከዚህ ይከተላል። ሚስትየው ከመንካቷ በፊት ከፊት ለፊቱ መጥታ በስሙ ትጥራው፤ ከእንቅልፉም ስትቀሰቅሰው ራቅ ብላ በድምፅ ይሁን። ጠብ ሲነሳ "ቆይ፣ ከራት በኋላ እንነጋገር" የሚል ስምምነት አስቀድመው ይግቡ፤ በሰዓቱም ይመለሱበት፤ አለዚያ መሸሽ ይሆናል። የምትበረግገው ተደፍራ የተረፈች ሚስት ስትሆን ደግሞ መነካት ራሱ የጉዳቱ አካል ነበርና፣ መቼና እንዴት እንደምትነካ የምትወስነው እሷ ናት።

ድንጋጤው ከፈቃድ ውጭ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚሰነዘር ዱላ ግን አይደለም። ቅዠቱ፣ ቦታና ሰው መሸሹ፣ መበርገጉ ከወር ካለፈ በራሱ እስኪለቅ አይጠበቅ፤ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ይኬድ። ትዝታውን ከባለሙያ ጋር በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት እየተናገሩ የሚታከሙበት መንገድ ብዙዎችን ረድቷል።