የጠጠር መንገዱ ያዋጣል ወይ?

ለአንድ ወረዳ የጠጠር መንገድ ሲታሰብ ዋናው ጥያቄ መንግሥት ምን ያተርፋል የሚል ሳይሆን፣ ሕዝቡ በጠቅላላው የሚያገኘው ከሚያወጣው ይበልጣል ወይ የሚል ነው። ይህን የሚመረምረው ስሌት ማኅበራዊ የወጪና ጥቅም ትንተና ይባላል።

ለማስረዳት ያህል መንገዱ 200 ሚሊዮን ብር ይፈጃል፣ 20 ዓመትም ያገለግላል እንበል። አንድ ኩንታል ጤፍ በአህያ ገበያ ለማድረስ 160 ብር ይጠይቅ የነበረው፣ መኪና ሲገባ ወደ 60 ብር ይወርዳል። ቀድሞም ይጓጓዝ የነበረው 200,000 ኩንታል በያንዳንዱ 100 ብር ሲተርፈው በዓመት 20 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ማጓጓዣው ስለረከሰ ብቻ ለገበያ የሚወጣው አዲስ 120,000 ኩንታል ግን በሙሉ 100 ብር አይታሰብም። የመጀመሪያው ኩንታል ዋጋው ከ160 ትንሽ ዝቅ ሲል፣ የመጨረሻው 60 ሲደርስ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ በአማካይ 50 ብር፣ ማለትም 6 ሚሊዮን ይያዝለታል። ለጥገና 2 ሚሊዮን ሲቀነስ በዓመት 24 ሚሊዮን ይቀራል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሠራ ስህተት አለ። መንገድ ሲገባ የመሬት ዋጋ ይጨምራል፤ ጭማሪው ግን ያው የማጓጓዣ ቅናሽ በሌላ መልክ የታየ ስለሆነ አብሮ ከተደመረ አንዱ ጥቅም ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

የዛሬ ብርና የ20 ዓመት በኋላ ብር እኩል ስላልሆኑ፣ መጪው ጥቅም በቅናሽ ምጣኔ ወደ ዛሬ ዋጋ ይመለሳል። ፍርዱን የሚገለብጠውም ይህ ምጣኔ ነው። በ5 በመቶ የጥቅሙ የዛሬ ዋጋ 299 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን መንገዱ ያዋጣል፤ በ12 በመቶ ግን ወደ 179 ሚሊዮን ይወርድና ከወጪው ያንሳል።

ምጣኔውን ለመምረጥ የሚያገለግለው አንዱ መንገድ ከእንግሊዛዊው ፍራንክ ራምዚ የ1928 ሥራ የመነጨ ነው፦ r = δ + ηg። δ ሰው ዛሬን ከነገ የሚያስበልጥበት መጠን፣ g የነፍስ ወከፍ ፍጆታ ዕድገት፣ η ደግሞ ሰው ሲበለጽግ ተጨማሪ ብር ምን ያህል ዋጋ እንደሚያጣለት ነው። የእንግሊዝ ግምጃ ቤት 1.5 + 1×2 ብሎ 3.5 በመቶ ይጠቀማል። በፍጥነት በሚያድግ አገር ልጆች ከወላጆቻቸው የተሻለ ስለሚኖሩ ምጣኔው ከፍ ይላል፤ δ 1፣ η 1.5፣ g 4 ከሆኑ 7 በመቶ ይመጣል። በዚህ ምጣኔ መንገዱ በ54 ሚሊዮን ገደማ ያተርፋል። ጥቅሙ ንረት ባልተጨመረበት ዋጋ ተሰልቶ ሳለ ንረት ያለበትን የባንክ ወለድ መጠቀም ግን ጥሩውን መንገድ ያለ ጥፋቱ ይጥላል።

ወጪና ጥቅም እኩል የሚሆኑት በ10.3 በመቶ አካባቢ ነው፤ ይህ ቁጥር በሪፖርቱ ላይ መውጣት አለበት፣ ምክንያቱም አንባቢው ራሱ እንዲፈርድ ያስችለዋል። ጥገናው ቀርቶ መንገዱ በ8 ዓመት ቢበላሽ ግን፣ በዓመት 26 ሚሊዮን ቢያስገኝም እንኳ በ5 በመቶ 168 ሚሊዮን ብቻ ነው። ያን ጊዜ የምጣኔው ክርክር ዋጋ የለውም፤ መንገዱ አያዋጣም።