አንድ ቀን በስንት ይገዛል?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 1994 ገና ሳይነጋ ሎስ አንጀለስን የመታው የኖርዝሪጅ የመሬት መንቀጥቀጥ የሳንታ ሞኒካን ፈጣን መንገድ የተሸከሙ ድልድዮችን አፈረሰ። መንገዱ የከተማዋ ዋና መተላለፊያ ስለነበር መዘጋቱ በቀን 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያሳጣ ተገመተ። የካሊፎርኒያ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መልሶ የመገንባቱን ሥራ ለአንድ ኮንትራክተር በ140 ቀን እንዲጨርስ ሲሰጥ በውሉ ላይ አንድ ነገር አከለ። ኮንትራክተሩ ቀድሞ ለጨረሰበት ለእያንዳንዱ ቀን 200,000 ዶላር ጉርሻ ያገኛል፤ ለዘገየበት ቀን ደግሞ ያንኑ ያህል ይቀጣል። ሲ. ሲ. ማየርስ የተባለው ድርጅት ቀንና ሌሊት ሠርቶ በ66 ቀን አስረከበ። ጉርሻው ከ14 ሚሊዮን ዶላር በለጠ፤ ከራሱ ከሥራው ዋጋ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረው።

መሥሪያ ቤቱ በዚህ ውል ለአንድ ቀን ዋጋ ቆረጠ። ለሌሊት ፈረቃ፣ ለተጨማሪ ሠራተኛ፣ ለአስቸኳይ ብረት ምን ያህል ማውጣት እንደሚያዋጣ ለማስላት ኮንትራክተሩ የሚያስፈልገው ይህ ቁጥር ነበር። ነገር ግን ለአንድ ቀን ዋጋ ከመቁረጥ በፊት የሚመጣ ሥራ አለ። እሱም አንድን ፕሮጀክት በስንት ቀን በስንት ገንዘብ መጨረስ እንደሚቻል፣ የማይረቡትን አማራጮች አስወግዶ፣ የቀሩትን በአንድ መስመር ላይ ማስቀመጥ ነው። ባለሙያዎች ይህን መስመር የወጪና የጊዜ ድንበር ይሉታል። በጣሊያናዊው የኢኮኖሚ ሊቅ በቪልፍሬዶ ፓሬቶ ስም የፓሬቶ ድንበር ተብሎም ይጠራል።

ድንበሩ ላይ ለመቆም መስፈርቱ አንድ ነው። ከዚህ አማራጭ ይልቅ ሳይዘገይ የሚረክስ፣ ወይም ሳይወደድ የሚፈጥን ሌላ አማራጭ አለ? ካለ ይህኛው ይጣላል። ከሌለ ድንበሩ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አንዱን ለማሻሻል ሌላውን መክፈል ግድ ይሆናል።

ለፕሮጀክቶች ይህን መስመር በሥርዓት ማውጣት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በዱፖንት ኬሚካል ኩባንያ ነው። የዱፖንቱ ሞርጋን ዎከርና የሬሚንግተን ራንዱ ጄምስ ኬሊ፣ ኩባንያው የገዛው ዩኒቫክ ኮምፒውተር ለግንባታና ለጥገና ዕቅድ እንዲውል አብረው ሠሩ። መልስ የፈለጉለት ችግር ዛሬም በየሣይቱ የሚታይ ነው፤ ሥራ ሲዘገይ ኃላፊው ሁሉንም ክፍል ባንድ ጊዜ “ቶሎ በሉ” ይላል፣ ለሁሉም ኦቨርታይም ይከፈላል፣ ገንዘቡ ይወጣል፣ ቀኑ ግን የሚያጥረው በጥቂቱ ነው። ሁለቱ ሰዎች የፕሮጀክቱን ርዝመት የሚወስነው አንድ የሥራዎች ሰንሰለት መሆኑን አሳዩ፤ ይህ ዛሬ መሐንዲሶቻችን “ክሪቲካል ፓዝ” የሚሉት ነው። ከዚህ ሰንሰለት ውጭ ያለን ሥራ ማፋጠን ገንዘብ ከማባከን በቀር አንድ ቀን አይቀንስም። ዘዴው በኬንታኪ፣ ሉዊቪል በሚገኘው የዱፖንት ፋብሪካ የጥገና መዘጋት ላይ ተሞከረ። በአማካይ 125 ሰዓት ይፈጅ የነበረው ጥገና ወደ 93 ሰዓት ወረደ።

ነገሩ ጠቅልሎ ሲነገር ስለሚያመልጥ በአንድ ምሳሌ እንየው። ምሳሌው የታሰበ ነው፤ ቁጥሮቹም ለስሌቱ እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው። አንድ ባለሀብት ወፍጮ ቤት ያሠራል። ቁፋሮና መሠረት 10 ቀን ይወስዳል፣ ከዚያ ግድግዳና ጣሪያ 20 ቀን። ጎን ለጎን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወፍጮው በአንድ ጋራዥ ይሠራል፤ እሱ 24 ቀን ይፈልጋል። ቤቱም ወፍጮውም ሲደርሱ ተከላውና የመብራቱ ሥራ 6 ቀን ይወስዳል። ሁሉም በተለመደው አካሄድ ቢሠራ 900,000 ብር ያስወጣል። በቤቱ በኩል ያለው ሰንሰለት 10 እና 20 እና 6፣ በድምሩ 36 ቀን ነው። በወፍጮው በኩል ያለው 24 እና 6፣ በድምሩ 30 ነው። ስለዚህ ፕሮጀክቱ 36 ቀን ይፈጃል፤ ጋራዡ ደግሞ 6 ቀን ትርፍ ጊዜ አለው።

አሁን ማፋጠኛው ይመጣል። መሠረቱን የቀን ሠራተኛ በመጨመር እስከ 2 ቀን ማሳጠር ይቻላል፤ በቀን 6,000 ብር። ግድግዳውን ግንበኛ በመጨመር እስከ 6 ቀን፤ በቀን 10,000። ጋራዡን እስከ 4 ቀን፤ በቀን 8,000። ተከላውን እስከ 2 ቀን፤ በቀን 15,000።

ርካሹን መርጦ መጀመር ተገቢ ይመስላል፤ ግን ከረከሱት መካከል ክሪቲካል ፓዙ ላይ ያለውን ነው። ጋራዡ ከግድግዳው ይረክሳል፤ ሆኖም ትርፍ ጊዜ ስላለው ለእሱ 32,000 ብር ቢከፈል ፕሮጀክቱ እዚያው 36 ቀን ላይ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ መሠረቱ 2 ቀን ያጥራል፤ 34 ቀን፣ 912,000 ብር። ከዚያ ግድግዳው 4 ቀን ያጥራል፤ 30 ቀን፣ 952,000 ብር።

እዚህ ላይ ነገሩ ይቀየራል። የቤቱ ሰንሰለትና የወፍጮው ሰንሰለት እኩል ሆነዋል፤ ሁለቱም 30 ቀን ናቸው። ግድግዳውን ብቻ ማሳጠር ከእንግዲህ ምንም አይጠቅምም፤ ጋራዡም አብሮ ማጠር አለበት፣ ያ ደግሞ ተደምሮ በቀን 18,000 ብር ነው። ተከላው ግን ሁለቱም ሰንሰለቶች ስለሚያልፉበት ብቻውን በ15,000 ይሠራል። ስለዚህ ተከላው ይቀድማል፤ 28 ቀን፣ 982,000 ብር። ከዚያ ግድግዳና ጋራዥ አንድ ላይ 2 ቀን ያጥራሉ፤ 26 ቀን፣ 1,018,000 ብር። ከዚህ በታች በምንም ገንዘብ አይወርድም፤ በቤቱ በኩል ያሉት ሥራዎች ሁሉ ልካቸው ደርሰዋል።

እነዚህ ነጥቦች በወረቀት ላይ ቢያያዙ ከግራ ወደ ቀኝ የሚወርድ፣ ወደ ፈጣኑ ጫፍ ሲቀርብ እየቆመ የሚሄድ መስመር ይሠራሉ። የአንድ ቀን ዋጋ በ6,000 ጀምሮ ወደ 10,000፣ ወደ 15,000፣ ወደ 18,000 ይወጣል። ርካሹ ቀን ቀድሞ ያልቃልና። እ.ኤ.አ. በ1961 ኬሊ እና የሂሳብ ሊቁ ፉልከርሰን፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ በሺዎች በሚቆጠሩ ሥራዎች ለተወሳሰበ ፕሮጀክትም ይህንኑ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ማውጫ ስሌት አሳትመዋል።

“ሁሉንም አፋጥን” የሚለው ኃላፊ የት እንደሚወድቅ አሁን ማየት ይቻላል። አራቱም ሥራዎች እስከ ልካቸው ቢፋጠኑ ወጪው 1,034,000 ብር ይሆናል፤ ቀኑ ግን ያው 26 ነው። ጋራዡ ያለ ጥቅም ሁለት ቀን ስለተፋጠነ 16,000 ብር ባከነ። ሣይት ላይ ሆኖ ከድንበሩ መውጣትን ማወቂያው ይኸው ነው፤ ኦቨርታይም የተከፈለበት ሥራ አልቆ ሌላውን የሚጠብቅ ከሆነ፣ የተፋጠነው ወፍጮ ጣሪያ ያልለበሰ ቤት ፊት ለፊት ሸራ ለብሶ ከተቀመጠ፣ ያ ገንዘብ ቀን አልገዛም።

ድንበሩ ግን የትኛው ነጥብ ይመረጥ ብሎ አይነግርም። ያንን የሚወስነው ባለቤቱ ለአንድ ቀን የሚሰጠው ዋጋ ነው። ለጥበቃ፣ ለኪራይ፣ ለተቆጣጣሪ ደመወዝና ሳይሠራ ለሚቀር ገቢ በቀን 12,000 ብር ይጠፋል እንበል። መስመሩ ላይ ቀን ከ12,000 በታች እስከተገኘ ድረስ መግዛት ያዋጣል፤ ስለዚህ ባለቤቱ 10,000ውን ገዝቶ 15,000ው ፊት ይቆማል፣ ማለትም 30 ቀን ላይ። የመኸሩ እህል ገብቶ በቀን 20,000 የሚያጣ ከሆነ እስከ 26 ይወርዳል። የሚያጣው 8,000 ብቻ ከሆነ 34 ይበቃዋል። መስመሩ ለሦስቱም አንድ ነው። በስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈጀው ክርክር የሚበርደውም ሁለቱ ጥያቄዎች ሲነጣጠሉ ይመስላል፤ ምን ምን ይቻላል የሚለው የመሐንዲሱ፣ ቀኑ ምን ያህል ያወጣል የሚለው የባለቤቱ ነው።

ለቀን ዋጋ ቆርጦ መምረጥ ግን አንድ ቀዳዳ አለው፤ አማራጮቹ ቀን በቀን የሚሸነሸኑ ሳይሆኑ ጥቂት የተቆራረጡ ሲሆኑ ይታያል። ለአንድ ማሽን ሦስት የማስመጫ መንገድ ቀረበ እንበል፤ በ60 ቀን በ100,000 ብር፣ በ45 ቀን በ210,000 ብር፣ በ20 ቀን በ300,000 ብር። መካከለኛው ከመጀመሪያው ይፈጥናል፣ ከሦስተኛው ይረክሳል፤ ስለዚህ ድንበሩ ላይ ነው። ነገር ግን ለቀን ምንም ዋጋ ቢቆረጥ አያሸንፍም። ቀኑ 5,000 ቢሆን ሁለቱ ጫፎች 400,000 ሲመጡ እሱ 435,000 ይመጣል፤ ዋጋው ከፍ ሲል ፈጣኑ፣ ዝቅ ሲል ርካሹ ይበልጠዋል። ኪሱ ከ250,000 የማያልፍና ማሽኑን በ50 ቀን ውስጥ የሚፈልግ ሰው ግን ያለው አማራጭ መካከለኛው ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለው ጉዳይ የሚሻለው የቀን ገደብ አስቀምጦ በዚያ ውስጥ ርካሹን መፈለግ፣ ገደቡን እያንቀሳቀሱም መድገም ነው፤ በዚህ መንገድ የተደበቀ ነጥብ አይቀርም።

ሌላው ችግር ቁጥሮቹ ራሳቸው ግምት መሆናቸው ነው። ሰው በእጥፍ ሲጨመር ሥራ በእጥፍ አይፈጥንም፤ በጠባብ ግቢ ውስጥ ግንበኞች ይጋፋሉ፣ አሸዋና ውኃ አቅራቢው ይዘገይባቸዋል። የሲሚንቶ ሙሌት ጥንካሬውን የሚያገኘው በራሱ ጊዜ ስለሆነ ሠራተኛ በመጨመር አይፈጥንም።

መሬቱም ያስቸግራል። የወፍጮ ቤቱ ቁፋሮ ዓለት አግኝቶ በ10 ፈንታ 13 ቀን ቢወስድና ማፋጠኑም ሳይሳካ ቢቀር፣ የቤቱ ሰንሰለት 39 ቀን ይሆናል። ግድግዳው 6 ቀን፣ ተከላው 2 ቀን ቢያጥሩ እንኳ ከ31 በታች አይወርድም፤ ቀድሞ የተመረጠው 30 ቀን ከመስመሩ ጠፍቷል። ቀኑን በ12,000 የሚተምነው ባለቤት አሁን ግድግዳውን 6 ቀን አሳጥሮ 33 ላይ ይቆማል፤ ተከላው በ15,000 አሁንም አያዋጣውም። ቤቱ የሚደርሰው በ27ኛው ቀን፣ ወፍጮው በ24ኛው ስለሆነ ደግሞ ለጋራዡ የሦስት ቀን ፋታ ተገኝቷል። ባለቤቱ ለአስቸኳይ ሥራ ሊከፍል አስቦ የነበረ ከሆነ ዛሬውኑ ስልክ ደውሎ መተው ይችላል።