ከልብ ምልክት ወደ መልእክት

ጎረቤቴ በቴሌግራም ቻናሏ የልጆች ጫማ ትሸጣለች። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የለጠፈችው ጥቁር ጫማ 40 የልብ ምልክት ሲያገኝ፣ በኢንቦክስ የጻፉላት ግን 2 ሰዎች ብቻ ነበሩ። «ወደውት የለ፣ ለምን አይጠይቁኝም?» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ዓይኔ ቀድሞ ያረፈው በመጨረሻው መስመር ላይ ነው፦ «ለዋጋና ለበለጠ መረጃ ያናግሩን፤ ላይክና ሼር ማድረግ አይርሱ!»

እርስዎም እንዲህ የሚጽፉ ከሆነ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ እየጠየቁ ነው። ሰው ደግሞ ቀላሉን ይመርጣል፤ ልቧን ነክቶ ያልፋል። በቴሌግራም ቻናል ላይ ምልክቱን ማን እንዳስቀመጠው ለባለቤቱ ስለማይታይ፣ ያንን ደንበኛ ተከትለው ሊያናግሩት አይችሉም። «ያናግሩን» የሚለውም ቢሆን ምን ብሎ እንደሚጀምር አይነግረውም። ዋጋው ሲደበቅ ደግሞ «ጠይቄ ባልገዛስ?» ብሎ ይሳቀቃል።

ስለዚህ ዋጋውን ፎቶው ሥር ጻፍን፤ የላይክና የሼሩን ልመና አወጣን። መጨረሻውንም እንዲህ ቀየርነው፦

«የልጅዎን የጫማ ቁጥር ብቻ ይላኩልን፤ መኖሩንና የማድረሻ ዋጋውን እስከ ማታ 2 ሰዓት እንነግርዎታለን። ቁጥሩን ካላወቁት አሁን የሚያደርገውን ጫማ ሶል ፎቶ አንስተው ይላኩ።»

ልዩነቱን ያዩታል? ደንበኛው የሚጽፈው አንድ ቁጥር ነው። በምላሹ ምን እንደሚያገኝና መቼ እንደሚያገኝም ያውቃል። «ይግዙ» ስላልተባለም አይጨነቅም።

ከጽሑፉ ሥር ሲነኩት የመልእክት ሳጥኑን የሚከፍት ሊንክ ያስቀምጡ፦

```
https://t.me/yourname?text=ቁጥር
```

በ yourname ቦታ የራስዎን የቴሌግራም ዩዘርኔም ያስገቡ። ደንበኛው ሊንኩን ሲነካ «ቁጥር» የሚለው ቃል ተጽፎ ይጠብቀዋል፤ እሱ 27 ወይም 30 ብሎ ጨምሮ ይልካል። ከመለጠፍዎ በፊት ግን በሌላ ሰው ስልክ ይሞክሩት። አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ሊንኩ ሌላ ሰው ጋ ሊወስድ ይችላል።

ቃሉ መሥራቱን የሚያውቁት ልቦቹን በመቁጠር አይደለም። «ቁጥር» ብለው የጀመሩትን መልእክቶች ይቁጠሩ፤ ከእነሱም ስንቱ እንደገዙ ይመዝግቡ። ፎቶውንና ዋጋውን ሳይነኩ የመጨረሻውን መስመር ብቻ ቀይረው ካነጻጸሩ፣ ለውጡ ከየት እንደመጣ ይገባዎታል።

መልእክቱ በዝቶ ሽያጩ ካልጨመረ ግን ጥፋቱን በመስመሩ ላይ አያላክኩ። ያኔ የሚታየው የማድረሻው ዋጋ፣ የቁጥሮቹ መኖርና የመልስዎ ፍጥነት ነው። እስከ ማታ 2 ሰዓት ብለው በማግስቱ ከመለሱ፣ ያ ደንበኛ በሚቀጥለው ጊዜ ቁጥሩን አይልክልዎትም፤ ልቧን ብቻ ነክቶ ያልፋል።